የሟች ሒሳብ ላይ የሚቀጥሉ ክፍያዎች፦ ባንኩን ከማሳወቅ በፊትና በኋላ

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ሲሞት ቀብሩ ይፈጸማል፣ ሰልስቱ ይወጣል፣ ለቅሶ ደራሹም ወደየቤቱ ይመለሳል። የሟቹ የባንክ ሒሳብ ግን ሥራውን አያቋርጥም። መብራቱ በ12ኛው ቀን፣ ስልኩ በ18ኛው፣ የመኪና ኢንሹራንሱ በ22ኛው ቀን እንደወትሮው ይቆረጣል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ በማግስቱ ባንክ ሄዶ «ሁሉንም ዝጉልን» ይላል፣ ወይ ለወራት ምንም ሳይነካ ይተወዋል። ሁለቱም ያስከፍላሉ። መጀመሪያ መለየት ያለበት ክፍያን ማስቆምና ውልን ማቋረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ባንኩ ሒሳቡን ሲያግድ የሚቆመው ክፍያው ብቻ ነው። የጂሙ፣ የስልኩና የኢንተርኔቱ ውል ግን እንዳለ ስለሚቀጥል ያልተከፈለው ገንዘብ በሟቹ ስም ዕዳ ሆኖ ይጠራቀማል።

ገንዘቡ ከሒሳቡ የሚወጣበት መንገድም አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው ድርጅቱ የሒሳብና የራውቲንግ ቁጥሩን ይዞ በቀጥታ ከቼኪንግ አካውንቱ የሚስበው ነው፤ ስቴትመንቱ ላይ ACH DEBIT ወይም PPD ID ከሚል ጽሑፍ ጋር ይታያል። ሁለተኛው በካርድ ቁጥር የሚቆረጠው ሲሆን RECURRING የሚል ቃል አብዛኛውን ጊዜ አብሮት ይኖራል። ሦስተኛው ሟቹ ራሱ ባንኩን በየወሩ ላክልኝ ብሎ ያዘዘው ነው፤ በቢል ፔይ ወይም በዜል የሚሄደው የእድር መዋጮና የቤተ ክርስቲያን አባልነት ክፍያ እዚህ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው ባንኩ ሞቱን አውቆ ሒሳቡን ሲያግድ በራሱ ይቆማል። የመጀመሪያው ባንኩ «ባለሒሳቡ ሞቷል» በሚል ኮድ (R15 ይባላል) ወደ ላኪው ይመልሰዋል፤ ድርጅቱ ግን ገንዘቡን በሌላ መንገድ መጠየቁን ሊቀጥል ይችላል።

አስቸጋሪው የካርዱ ነው። ብዙ ሰው «ካርዱን ካሰረዝነው አለቀ» ብሎ ያስባል። ቪዛና ማስተርካርድ ግን ካርድ ሲቀየር አዲሱን ቁጥር ለነጋዴዎች በራሱ የሚያደርስ አሠራር አላቸው፤ የተዘጋጀው ደንበኛ ካርድ በቀየረ ቁጥር ክፍያው እንዳይቋረጥበት ነው። ስለዚህ ካርዱ ጠፋ ተብሎ ምትክ ከወጣ የወር ክፍያው ተከትሎት ወደ አዲሱ ካርድ ሊሄድ ይችላል። ለባንኩ መነገር ያለበት «ካርዱ ጠፍቷል» ሳይሆን «ባለካርዱ አርፏል፣ ሒሳቡ ይዘጋ» ነው።

ሌላው በቀላሉ የሚያመልጠው በሌላ ክፍያ ውስጥ የተደበቀ ክፍያ ነው። የቪዲዮ፣ የጋዜጣና የፎቶ ማስቀመጫ ክፍያዎች በክሬዲት ካርድ ይቆረጣሉ፤ የክሬዲት ካርዱ ሒሳብ ደግሞ በአውቶፔይ ከቼኪንግ ይከፈላል። የቼኪንጉ ስቴትመንት ላይ የሚታየው አንድ መስመር ብቻ ይሆናል፣ ከሥሩ ግን አምስት ስድስት ክፍያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ የክሬዲት ካርዱም ስቴትመንት ለብቻው መታየት አለበት።

ከሁሉ በፊት ዝርዝር

ባንክ ከመሄድ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ለዝርዝሩ መስጠት ያዋጣል፤ ሒሳቡ ከታገደ በኋላ ኦንላይን መግባት ስለማይቻል ስቴትመንት ማግኘት የሚቻለው በፍርድ ቤት ወረቀት ይሆናል። በፖስታ የመጡትን ስቴትመንቶች፣ የዋሌት ካርዶችን፣ የኢንሹራንስ ፎልደሮችን ሰብስቡ። የሚያስፈልገው ያለፈው ወር ብቻ አይደለም፣ ያለፉት 13 ወራት ናቸው። የመንገድ ላይ እርዳታ አባልነት፣ የኮምፒውተር ቫይረስ መከላከያ፣ የትልልቅ መደብሮች አባልነት በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚቆረጡ በሦስት ወር ስቴትመንት ላይ አይታዩም፤ ልክ በሙት ዓመቱ ሰሞን ብቅ ይላሉ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መታወቅ አለበት። ዝርዝር ማውጣት ሌላ፣ በሟቹ የይለፍ ቃል ገብቶ ገንዘብ ማንቀሳቀስ ሌላ ነው። «ውክልና አለኝ» የሚል ልጅ ብዙ ነው፤ ውክልናው ግን ሰውየው በሞተበት ቅጽበት ያበቃል። ከዚያ በኋላ በሟቹ ብቻ ስም ባለው ሒሳብ ላይ የሚያዝ ሰው ፍርድ ቤት የሾመው የውርስ አስተዳዳሪ ነው። ሹመቱ በሜሪላንድ በየካውንቲው ባለው ሬጂስተር ኦፍ ዊልስ ቢሮ፣ በቨርጂኒያ በሰርኪዩት ኮርት ክለርክ፣ በዲሲ በሱፒሪየር ኮርት የፕሮቤት ክፍል ይጠየቃል። ንብረቱ ጥቂት ከሆነ ሦስቱም ቀለል ያለ የአነስተኛ ውርስ መንገድ አላቸው። ሒሳቡ ከባለቤቱ ወይም ከልጁ ጋር የጋራ ከሆነና በሕይወት ለቀረው ያልፋል የሚል ውል ካለው ገንዘቡ በቀጥታ የዚያ ሰው ይሆናል። ባለሒሳቡ ሲሞት ገንዘቡን የሚወስድ ተጠቃሚ ተመዝግቦበት ከሆነም የሞት ሰርተፍኬትና መታወቂያ ይበቃል፣ ፍርድ ቤት አያስፈልግም።

ክፍያዎቹን ከማቆም በፊት የሚመጣውን ገንዘብ

የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚከፈለው ላለፈው ወር ነው፤ በኤፕሪል የሚገባው የማርች ነው። ሕጉ ደግሞ ሰውየው ለሞተበት ወር ምንም አይከፍልም፣ በወሩ በመጨረሻው ቀን እንኳ ቢያርፍ። ሞቱን አብዛኛውን ጊዜ የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ያሳውቃል፤ ለዚህ ግን የሟቹ የሶሻል ቁጥር በትክክል ሊሰጠው ይገባል። ማሳወቁን ጠይቃችሁ አረጋግጡ፣ ካልሆነ 1-800-772-1213 ደውሉ። ይህ ከወር ክፍያው ጋር ምን አገናኘው ለሚል ሰው በቁጥር ማየቱ ይሻላል።

ለምሳሌ ያህል ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ፣ ጡረታቸው በየወሩ ሦስተኛ ረቡዕ የሚገባላቸው አንድ አባት በማርች 9 አርፈዋል እንበል። ቼኪንጉ በእሳቸው ስም ብቻ ነው፣ 410 ዶላር አለው። በየወሩ የሚወጣው መብራት 95፣ ኢንተርኔት 70፣ ሁለት መስመር ስልክ 110፣ የመኪና ኢንሹራንስ 128፣ የሕይወት ኢንሹራንስ 64፣ እድር 30፣ አዲስ አበባ ላለች እህት 200፣ ጂም 45፣ የክሬዲት ካርድ አውቶፔይ 140 ነው፤ ሲደመር 882 ዶላር። በማርች ሦስተኛ ረቡዕ የፌብሩዋሪ ጡረታ 1,640 ይገባል። ይህ የእሳቸው ሐቅ ነው፣ ወራሾቻቸው ያገኙታል። ድምሩ 2,050 ይሆናል። የወሩ ክፍያዎች ወጥተው 1,168 ይቀራል። ልጅየው በአባቱ ዴቢት ካርድ ለቀብር ወጪ 900 ያወጣል፣ 268 ይቀራል። ሞቱ ለሶሻል ሴኩሪቲ ሳይነገር ቀርቶ የማርች ጡረታ በኤፕሪል ገባ፤ 1,908 ሆነ። ሌላ ዙር 882 ወጣ፣ 1,026 ቀረ። ከዚያ መንግሥት 1,640ውን ሙሉ ከባንኩ መልሶ ይጠይቃል። ሒሳቡ ውስጥ ያለው አይበቃም፣ 614 ዶላር ይጎድላል። ባንኩም ከሞቱ በኋላ ገንዘብ ያወጣው ማን እንደሆነ ይጠየቃል።

እዚህ ላይ ልጁ ክፉ ነገር አላሰበም፤ ቀብር ነው ያስፈጸመው። ግን የአባቱን ካርድ ይዞ ማሽን ላይ መቆሙ በሰነድ ይታያል። የቀብሩን ወጪ በራሱ ወይም እድሩ በሰጠው ገንዘብ ከፍሎ ደረሰኙን ቢያስቀምጥ፣ የቀብር ወጪ በውርስ ሕግ ከብዙ ዕዳዎች ቀድሞ ስለሚከፈል በኋላ ከውርሱ ይመለስለት ነበር።

አሁን ያንኑ ዝርዝር አንድ በአንድ እንየው፤ የሚቆመውና የማይቆመው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ስልኩ የመጨረሻው ይሁን። ዛሬ ባንኩም፣ ኢሜይሉም፣ የመብራት ድርጅቱም ማንነት የሚያረጋግጡት በጽሑፍ መልእክት በሚልኩት ኮድ ነው። ሃያና ሠላሳ ዶላር ለማዳን ብሎ መስመሩን በመጀመሪያው ሳምንት የዘጋ ቤተሰብ የሌሎቹን ሁሉ በር በራሱ እጅ ይቆልፋል። ከዚህም ሌላ በምሳሌያችን ሁለተኛው መስመር የባለቤታቸው ነው። «አካውንቱ ይዘጋ» ከተባለ የእናትየው ቁጥር አብሮ ይጠፋል። የሚጠየቀው ባለአካውንቱ ወደ እሳቸው እንዲዞር ነው። በዚህ ጊዜ በወር የሚከፈል የስልክ ቀፎ ዕዳ ካለ ከመፈረም በፊት ጠይቁ፤ አካውንቱን የሚረከብ ሰው ዕዳውንም አብሮ ሊረከብ ይችላል።

የመኪና ኢንሹራንሱ ቶሎ መሰረዝ የለበትም። ሜሪላንድ ውስጥ ታርጋ ያለው መኪና ያለ ኢንሹራንስ ከተገኘ፣ ባይነዳም፣ ቅጣቱ በቀን ይቆጠራል። እናትየው የምትነዳው ከሆነ ኢንሹራንሱ ወደ ስሟ ይዙር፤ የሚነዳው ከሌለ መጀመሪያ ታርጋው ለኤምቪኤ ተመልሶ ደረሰኝ ይወሰድ፣ ከዚያ ኢንሹራንሱ ይሰረዝ። የቤት ኢንሹራንስና የቤት ብድርም እንዲሁ መቀጠል አለባቸው። ቤቱን የወረሰ ቤተሰብ እዚያው እየኖረ ክፍያውን እስከቀጠለ ድረስ አበዳሪው በሞቱ ምክንያት ብቻ ሙሉ ብድሩን አምጡ ማለት እንደማይችል ከ1982 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ አለ። አውቶፔዩ ከታገደው ሒሳብ ይወጣ ከነበረ ግን በሌላ ሒሳብ መተካት አለበት፤ ባንኩ ያገደው ሒሳብ የቤቱን ክፍያ አያውቀውም።

የሕይወት ኢንሹራንሱ ውሉ በሞቱ ተጠናቋል፤ ለድርጅቱ የሚደወለው ለማሰረዝ ሳይሆን ካሳውን ለመጠየቅ ነው። «ሰርዙልኝ» የሚለው ቃል ከአፍ እንዳይወጣ፤ ከሞቱ በኋላ የተቆረጠ ፕሪሚየም ካለ ከካሳው ጋር ይመለስ ዘንድ ጠይቁ። የእድሩም እንዲሁ ነው። በብዙ እድር ክፍያው የቤተሰብ አባላትንም የሚሸፍን ስለሆነ፣ የሟቹ ዜል ሲቆም የባለቤታቸው አባልነት ያለማንም ውሳኔ ሊቋረጥ ይችላል። ለጸሐፊው ደውሎ መዋጮው ከማን ሒሳብ እንደሚቀጥል መነጋገር ያስፈልጋል።

ለእህታቸው የሚሄደው 200 ዶላር ከሚላክበት መተግበሪያ ላይ ይቆማል፤ ከመቆሙ በፊት ግን ለእህትየው መነገር አለበት። አዲስ አበባ ላለ ሰው የወሩ ገንዘብ መቅረቱ ራሱ መርዶ እንዳይሆን።

ጂሙ፣ የቪዲዮውና የአባልነት ክፍያዎቹ ያለ ማቅማማት መቆም ያለባቸው ናቸው። እዚህ ላይ ሁለት እርምጃ ነው ያለው፤ መጀመሪያ ድርጅቱ በጽሑፍ ይነገረዋል፣ ከዚያ ለባንኩ ይነገራል። ለድርጅቱ የሚላከው ጽሑፍ አጭር ይሁን፦ የሟቹ ሙሉ ስም፣ የአባልነት ቁጥር፣ ያረፉበት ቀን፣ ውሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲቋረጥ፣ ከዚያ በኋላ የተቆረጠው እንዲመለስ፣ ማረጋገጫው በጽሑፍ እንዲላክ። የሞት ሰርተፍኬቱን ቅጂ አያይዙ። ሙሉ የሶሻል ቁጥር ለጂምና ለቪዲዮ ድርጅት አይሰጥም፤ ከተጠየቀ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ይበቃሉ። የስም ጉዳይም አለ። የሞት ሰርተፍኬቱ ላይ የአያት ስም በአንድ ዓይነት፣ አካውንቱ ላይ በሌላ ዓይነት ፊደል ከተጻፈ ድርጅቱ «አላገኘሁትም» ብሎ ይመልሳል፤ ስለዚህ ስሙን ስቴትመንቱ ላይ እንዳለ ጻፉና ሰርተፍኬቱ ላይ ያለውን ከጎኑ አስቀምጡ።

በአፕል ወይም በጉግል በኩል የሚከፈሉትን ድርጅቱ ራሱ ሊሰርዛቸው አይችልም፤ ክፍያውን የሚቆርጠው አፕል ወይም ጉግል ነው። ስቴትመንቱ ላይ APPLE.COM/BILL ወይም GOOGLE * ብሎ የሚጀምር መስመር ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሟቹ በሕይወት ሳሉ አፕል ላይ ሌጋሲ ኮንታክት መርጠው ከሆነ የተመረጠው ሰው የመግቢያ ቁልፉንና የሞት ሰርተፍኬቱን ይዞ ፎቶና ፋይላቸውን ማግኘት ይችላል፤ የተገዙ ሰብስክሪፕሽኖችን ግን ይህ መብት አያካትትም፣ እነሱን ለማቆም የካርዱ መዘጋት ያስፈልጋል።

ባንኩ ዘንድ

ዝርዝሩ ሲያልቅ ባንኩን ማሳወቅ አይዘግይ፤ ባንኩ ከመንግሥት በሚደርሰው መልእክት በራሱ አውቆ በማይጠበቅ ቀን ሊያግደው ስለሚችል ነው። ቅርንጫፉ ላይ ካለው ሠራተኛ ይልቅ የውርስ ጉዳይ የሚይዘውን ክፍል (ኢስቴት ዩኒት ይሉታል) ጠይቁ። ማኅተም ያለበት የሞት ሰርተፍኬት፣ የራሳችሁ መታወቂያ፣ ካለ የአስተዳዳሪነት ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። ሰርተፍኬቱን በመጀመሪያው ትእዛዝ ስምንት አሥር ቅጂ ማውጣት ይሻላል፤ ኢንሹራንስና ባንክ ኦሪጅናሉን ይፈልጋሉ፣ ለስልክና ለጂም ስካን ይበቃል። የአስተዳዳሪነት ደብዳቤውን በተመለከተ አንዳንድ ባንኮች በቅርብ የተሰጠ ብቻ ስለሚቀበሉ ብዙ ቅጂ ቀድሞ አውጥቶ ማስቀመጥ አይጠቅምም።

ሒሳቡ የጋራ ከሆነና ስለማይታገድ ክፍያው የሚቀጥል ከሆነ፣ በሕይወት ያለው ባለሒሳብ የማስቆም ትእዛዝ መስጠት ይችላል። በፌዴራል ደንብ ትእዛዙ ክፍያው ከሚወጣበት ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀድሞ መድረስ አለበት፤ በቃል ከተሰጠ ባንኩ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ሊጠይቅ ይችላል፣ ካልተረጋገጠ ትእዛዙ ይወድቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትእዛዙን በገንዘብ መጠን ሲሰጥ ነው። «45 ዶላሩን አስቁሙ» ከተባለ ጂሙ በሚቀጥለው ወር 47.25 ሲልክ ያልፋል። ስቴትመንቱ ላይ ከድርጅቱ ስም ጎን ያለውን የኩባንያ መለያ ቁጥር ስጡና በእሱ እንዲታገድ ጠይቁ።

የክሬዲት ካርድ ኩባንያዎች ለብቻ ይነገራሉ። የውርስ አስተዳዳሪው ቀሪ ዕዳውን ሲጠይቅ ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ መንገር ግዴታው ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅጣት መጨመር አይችልም፣ መጠኑ በተነገረ በ30 ቀን ውስጥ ሙሉውን ከተከፈለም ወለዱን ይተዋል። ልጅ ወይም ባለቤት በሟቹ ካርድ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ ብቻ ከነበሩ ዕዳው አይመለከታቸውም፤ ካርዱን ግን ከሞቱ ቀን ጀምሮ መጠቀም የለባቸውም። ስልክ ላይ «በወር ትንሽ ትንሽ እርስዎ ቢከፍሉስ» ለሚል ሰው በኀዘን ውስጥ ሆኖ እሺ ማለት ቀላል ነው፤ መልሱ «ጥያቄውን ለውርሱ አስተዳዳሪ በጽሑፍ ላኩ» ይሁን። አንድ ልዩነት አለ፤ ዋሽንግተን ስቴት፣ ቴክሳስ፣ ካሊፎርኒያና ኔቫዳ የባልና ሚስት ንብረት የጋራ የሚሆንባቸው ግዛቶች ናቸው። ሲያትል ወይም ዳላስ ያለች ሚስት በትዳር ውስጥ ለተገባ ዕዳ ሜሪላንድ ካለችው ይልቅ ልትጠየቅ ስለምትችል ከመክፈሏም «አልከፍልም» ከማለቷም በፊት የሕግ ባለሙያ ታማክር።

የሚመለሰው ገንዘብ በቼክ ሲመጣ በሟቹ ውርስ ስም ይጻፋል፤ የልጁ የግል ሒሳብ ውስጥ አይገባም። አስተዳዳሪው ከአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ በነጻ የውርሱን ታክስ ቁጥር አውጥቶ የውርስ ሒሳብ ይከፍታል፣ ቼኮቹም ዕዳዎቹም በዚያ ያልፋሉ። ለቁጥሩ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ አይአርኤስ አይደለም።

ሟቹ አገር ቤት ሄደው ካረፉ ነገሩ በሰነዱ ይጀምራል። አሜሪካዊ ዜጋ ከነበሩ አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ የውጭ አገር ሞት ሪፖርት ያወጣል፤ የአሜሪካ ባንኮችና ሶሻል ሴኩሪቲ እንደ ሞት ሰርተፍኬት የሚቀበሉት ይህንን ነው። ኤምባሲው ይህን የሚያወጣው ከአገር ውስጥ የወሳኝ ኩነት የሞት ማስረጃ ተነሥቶ ስለሆነ፣ ከቀብሩ በኋላ ዘመድ ሳይበተን ወረዳው ላይ ማስመዝገቡ ለወራት የሚወስድ ምልልስ ያስቀራል። ግሪን ካርድ ብቻ የነበራቸው ከሆነ የወረዳው ማስረጃ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ይመጣል።

የክሬዲት ሪፖርት ከሚያወጡት ከኢክዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ለአንዱ ሞቱን በጽሑፍ ማሳወቅም ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲነገረው ለሌሎቹ ያስተላልፋል። የሟቹ የክሬዲት ሪፖርት ቅጂ አብሮ ይጠየቅ፤ ማንም ያላወቀው የመደብር ካርድ ወይም ብድር ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። የለቅሶ ማስታወቂያ ላይ ሙሉ የትውልድ ቀንና የእናት ስም ካለ በሟቹ ስም አዲስ ካርድ የሚያወጣ ሌባ አይጠፋም፣ «አርፏል» የሚለው ምልክት ያንን ይከለክላል።

መጨረሻ የሚዘጋው ስልኩና የፎቶ ማስቀመጫው ነው። በወር ሦስት ዶላር የሚከፈልበት የክላውድ ቦታ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሰረዛል፤ ግን የአይክላውድ ነጻ ቦታ 5 ጊጋባይት፣ የጉግል 15 ጊጋባይት ብቻ ነው። ክፍያው ሲቋረጥ ከዚያ በላይ ያለው ፎቶና የድምፅ መልእክት የመጥፋት አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ሃርድ ዲስክ ይወረድና አንድ ሁለቱ ተከፍተው በትክክል መውረዳቸው ይታይ፤ ከዚያ ክፍያው ይቁም። የቀሩት ድርጅቶች ሁሉ የማቋረጫ ማረጋገጫቸውን ልከው፣ የዝርዝሩ 13 ወር ሞልቶ አዲስ መስመር ካልታየ፣ ያን ጊዜ የስልክ ቁጥሩ ይዘጋል።